ከትርጉም ዝርዝር ወደ ዓረፍተ ነገር፦ ለአይኤልትስ የእንግሊዝኛ ቃላትን በዐውድና በተራራቀ ክለሳ መያዝ

ጥያቄ፦ «አይኤልትስ ልፈተን 12 ሳምንት ቀርቶኛል። ከዝርዝር የወሰድኳቸውን 900 ያህል ቃላት ከአማርኛ ትርጉማቸው ጋር በስልኬ ካርድ አድርጌ በየቀኑ ሁሉንም እከልሳለሁ፤ አብዛኛውንም እመልሳለሁ። ንባብ ውስጥ ሳገኛቸው ግን ትርጉሙ አልገጥም ይለኛል። በጽሑፍ ደግሞ ‹ጋቨርንመንትስ ሹድ ሰስቴይን ፑር ፒፕል› ብዬ ጽፌ መምህሬ ሰስቴይን የሚለውን አሰመሩበትና አገባቡ ትክክል አይደለም አሉኝ። ሰስቴይን መደገፍ ማለት አይደለም እንዴ? ምን ብቀይር ይሻላል?»

ምላሽ፦

ሰስቴይን ማለት መደገፍ ነው ያለዎት ዝርዝር አልዋሸም፤ ያጎደለው ግን ብዙ ነው። በአማርኛ መደገፍ ስንል ያዘመመ ግድግዳን በእንጨት መደገፍም፣ የአንድን ሰው ሐሳብ መደገፍም፣ ችግረኛን በገንዘብ መደገፍም በዚያው በአንዱ ቃል ይነገራል። እንግሊዝኛው ግን እነዚህን በተለያዩ ቃላት ያከፋፍላቸዋል። መንግሥት ለድሆች የሚሰጠው ድጋፍ ሰፖርት ወይም አሲስት በሚሉት ቃላት ይገለጻል። ሰስቴይን በዋናነት አንድ የተጀመረ ነገር እንዳይቋረጥ አድርጎ ማቆየት ነው፤ ስለዚህ ከኋላው ብዙ ጊዜ የሚከተሉት የኢኮኖሚ ዕድገት፣ ጥረት፣ ትኩረት፣ ሕይወት የሚሉት ስሞች ናቸው። ሰውም ሊከተለው ይችላል፤ ያን ጊዜ ግን ምግብ ወይም ተስፋ ሰውየውን አቆየው፣ እንዲጸና አደረገው ለማለት እንጂ አንድ አካል ችግረኛን ረዳ ለማለት አይደለም። መምህርዎ ያሰመሩበት ለዚህ ይመስለኛል።

ንባብ ላይ የሚገጥምዎት ችግርም ምንጩ ይኸው ነው። «ዘ ብሪጅ ሰስቴይንድ ሲቪር ዳሜጅ ዱሪንግ ዘ ፍለድ» የሚል ዓረፍተ ነገር አገኙ እንበል። መደገፍ የሚለውን ትርጉም ይዞ የሚያነብ ሰው «ድልድዩ ጉዳቱን ደገፈ» የሚል ስሜት የማይሰጥ ነገር ይደርሰዋል፤ ማስቀጠል የሚለውን የያዘም ከዚህ የተሻለ አያገኝም። ዓረፍተ ነገሩ የሚለው ግን ድልድዩ በጎርፉ ጊዜ ከባድ ጉዳት ደረሰበት ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይበሉ። በአማርኛ «ደረሰበት» ስንል የግሱ ባለቤት ጉዳቱ ነው፤ ድልድዩ የተጠቆመው በግሱ መጨረሻ ባለችው «በት» ብቻ ነው። በእንግሊዝኛው ግን ባለቤቱ ድልድዩ ሆኖ ጉዳቱ ተሳቢ ሆኗል። እንዲህ ያለውን የአገላለጽ መገለባበጥ አንድ ቃል ለአንድ ቃል የሚያጋጥም ካርድ በምንም መንገድ ሊያሳይ አይችልም፤ አንድ አጭር ዓረፍተ ነገር ግን ያለ ምንም ማብራሪያ ያሳየዋል።

ስለዚህ ጥፋቱ የማስታወስ ችሎታዎ አይደለም። ሰው የሚያስታውሰው ካርዱ የጠየቀውን ነው። የእርስዎ ካርድ ሲጠይቅዎት የቆየው «ይህን ቃል ስታይ የትኛው የአማርኛ ቃል ይመጣልሃል?» የሚለውን ነው፤ ፈተናው ግን እንዲህ ብሎ ጠይቆ አያውቅም። ንባቡ የሚጠይቀው ቃሉ በዚያ ቦታ ምን እንደሚል ሲሆን፣ ጽሑፉና ንግግሩ የሚጠይቁት ደግሞ ቃሉ ከየትኞቹ ቃላት ጋር እንደሚሄድ ነው። ካርዱ ሲቀየር የሚያስታውሱትም አብሮ ይቀየራል።

ወደ ሥራው ከመግባትዎ በፊት አንድ ሰዓት ወስደው ያለዎትን ይመዝኑ። ከ900 ካርዶችዎ 30ውን ሳይመርጡ ያውጡ። ለተማሪዎች በተዘጋጀ የእንግሊዝኛ በእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ውስጥ እያንዳንዱን ፈልገው ከዚህ በፊት ያላዩትን አንድ ምሳሌ ዓረፍተ ነገር ብቻ ያንብቡ፤ ፍቺውን በእጅዎ ይሸፍኑት። የዓረፍተ ነገሩን ሐሳብ በአማርኛ ሙሉ አድርገው መናገር ከቻሉ ቃሉ ለንባብ የእርስዎ ነው። የካርዱ ትርጉም ትዝ ብሎዎት ዓረፍተ ነገሩ ግን ካልፈታልዎት ቃሉ በዝርዝርዎ ውስጥ እንጂ በእጅዎ አይደለም። ይህ ልኬት ከስልክዎ ላይ ካለው የመቶኛ ውጤት ይልቅ እውነቱን ይነግርዎታል፤ ምክንያቱም ሁሉንም ካርድ በየቀኑ የሚያይ ሰው ትናንት ያየውን ዛሬ መመለሱ ብዙ የሚያስረዳው ነገር የለም።

900ዎቹን ካርዶች ግን አይሰርዟቸው፤ ክለሳቸውን ብቻ ያቁሙ። ከአሁን በኋላ አንድ ቃል ወደ ክለሳ የሚገባው በንባብ ውስጥ ሲያገኙት ነው፤ ከ900ዎቹ አንዱ ከሆነም በዚያን ጊዜ በአዲስ ካርድ ይመለሳል። ከፊሉን ስለሚያውቁት የእነዚህ ቃላት ሥራ ይቀልዎታል፤ ስለዚህ የደከሙበት ሁሉ ባክኗል ብለው አይዘኑ።

ቃላቱን የሚያገኙት ከልምምድ ንባቦች ነው። የአካዳሚክ አይኤልትስ የንባብ ክፍል ሦስት ረጃጅም ጽሑፎችና 40 ጥያቄዎች ያሉት፣ በ60 ደቂቃ የሚሠራ ነው። በቀን አንዱን ጽሑፍ ብቻ ወስደው በመጀመሪያ እንደ ፈተና ይሥሩት፤ 20 ደቂቃ ይበቃዋል። በዚህ ጊዜ መዝገበ ቃላት አይክፈቱ፤ የማያውቁትን ቃል በእርሳስ አስምረውበት ይለፉ። ጥያቄዎቹን ከጨረሱ በኋላ ይመለሱና ካሰመሩባቸው ውስጥ ስድስት ቃላት ብቻ ይምረጡ። አብዛኛው ተማሪ የሚሳሳተው እዚህ ምርጫ ላይ ስለሆነ ጥቂት ልቆይበት።

ስለ አንድ የነፍሳት ዝርያ በሚተርክ ጽሑፍ ውስጥ የነፍሳቱ አካል ክፍሎች ስም ዓይን ይስባል፤ ከባድ ስለሚመስልም ተማሪው መጀመሪያ የሚይዘው እሱን ነው። እንዲህ ያለ ሙያዊ ቃል ግን ጽሑፉ ራሱ ያብራራዋል ወይም ከሥሩ አጭር መፍቻ ይሰጠዋል፤ ከዚያ ጽሑፍ ውጭም ዳግመኛ ላያገኙት ይችላሉ። ሊይዙት የሚገባው ነፍሳት ላይም፣ ታሪክ ላይም፣ ኢኮኖሚ ላይም ሳይለይ የሚመላለሰውን ቃል ነው። አቨሪል ኮክስሄድ የተባሉት የቋንቋ ምሁር በ2000 ባወጡት የአካዳሚክ ቃላት ዝርዝር 570 የቃል ቤተሰቦች ተሰብስበዋል፤ እነዚህም ከአንድ የትምህርት ጽሑፍ ቃላት 10 በመቶ ያህሉን ይሸፍናሉ። ሰስቴይንም ከነዚሁ ውስጥ ነው። ዝርዝሩን ከላይ ወደ ታች በቃል እንዲይዙት አልመክርም፤ ጥቅሙ ለማጣራት ነው። ያሰመሩበት ቃል በዝርዝሩ ውስጥ ካለ ያለ ማመንታት ይምረጡት። ከሌለ ደግሞ በሌላ ጽሑፍ ሁለተኛ ጊዜ እስኪገጥምዎ ይጠብቁ።

ከተመረጡ በኋላ መዝገበ ቃላቱን ከመክፈትዎ በፊት ትርጉሙን ከዐውዱ ይገምቱና ግምትዎን በጥቂት ቃላት ይጻፉት። መገመት ሲባል ዝም ብሎ መወርወር አይደለም። ቃሉ ግስ ነው ወይስ ስም? የማን ድርጊት ነው፣ በማን ላይ? ከፊቱ ወይም ከኋላው ያለው ዓረፍተ ነገር «ነገር ግን» ወይም «ስለዚህ» በሚል ቃል ተያይዟል? በድልድዩ ምሳሌ ላይ ሰስቴይንድ ግስ ነው፤ ባለቤቱ ድልድይ ነው፤ ተሳቢው ከባድ ጉዳት ነው፤ ጊዜው የጎርፍ ነው። ድልድይ በጎርፍ ጊዜ ከከባድ ጉዳት ጋር ምን ሊያገናኘው ይችላል ብሎ የጠየቀ ሰው ቃሉን ከዚህ በፊት ሰምቶት ባያውቅ እንኳ ወደ እውነተኛው ትርጉም ይቀርባል። እንዲያውም ከእርስዎ ይልቅ ቃሉን ጨርሶ የማያውቀው ሰው ሊቀናው ይችላል፤ እርስዎን «መደገፍ» የሚለው አስቀድሞ ስለያዘዎት ዐውዱን መጠየቅ ትተዋል።

ግምቱ ግን ሁልጊዜ መረጋገጥ አለበት። ዐውድ ብዙ ጊዜ የቃሉን አቅጣጫ እንጂ ልኩን አይነግርም፤ መጥፎ ነገር መሆኑን ይጠቁምና ምን ዓይነት መጥፎ እንደሆነ ይደብቃል። ከዚያም በላይ ተቆራርጠው የሚታወቁ የሚመስሉ ቃላት ያታልላሉ፤ ሾርትካሚንግስ የሚለውን «አጭር» እና «መምጣት» ብሎ የተረጎመ ሰው ጉድለቶች የሚለውን ፍቺ አያገኘውም። ስለዚህ መዝገበ ቃላቱን ይክፈቱ፤ ፍቺዎቹ በቁጥር ተደርድረው ሲያገኙ የመጀመሪያውን ወስደው አይዝጉት። እያንዳንዱን ፍቺ በዓረፍተ ነገርዎ ላይ እየለኩ የሚገጥመውን ብቻ ይውሰዱ። ሌሎቹን ፍቺዎች ዛሬ አይያዙ፤ እነሱም በራሳቸው ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሲመጡ ተራቸውን ያገኛሉ። አንድ ካርድ አንድ ፍቺ፣ በዚህ ላይ ጥብቅ ነኝ።

ካርዱ እንዲህ ይሠራል። በፊቱ ላይ ዓረፍተ ነገሩ ሙሉውን ይጻፋል፤ ቃሉ ይደምቃል። ከንባቡ ያገኙት ዓረፍተ ነገር ሦስት መስመር ከሆነ ትርጉሙ ሳይፈርስ ወደ 10 ወይም 12 ቃላት ያሳጥሩት፤ ካልሆነልዎት ከመዝገበ ቃላቱ ለዚያው ፍቺ የተሰጠውን ምሳሌ ይውሰዱ። በጀርባው የዓረፍተ ነገሩ ሐሳብ በአማርኛ፣ የቃሉ ቅንጣት ትርጉም ሳይሆን ሙሉ ሐሳቡ፣ ይቀመጣል፤ ከሥሩም አብረውት የሚሄዱ ሁለት ወይም ሦስት ስሞች ይጻፋሉ። በድልድዩ ካርድ ጀርባ ላይ «ድልድዩ በጎርፉ ጊዜ ከባድ ጉዳት ደረሰበት» ተብሎ ከሥሩ ዳሜጅ፣ ኢንጁሪ፣ ሎስ ይሰፍራል። ይህ ለንባብ የሚሆን ካርድ ነው።

ከስድስቱ ቃላት በራስዎ ጽሑፍ ሊጠቀሙባቸው ለሚፈልጓቸው ለሁለቱ ብቻ ሁለተኛ ካርድ ይሥሩ። በዚህኛው ፊት ላይ የቃሉ ቦታ ባዶ ሆኖ የመጀመሪያ ፊደሉ ብቻ ይቀመጣል፤ ከሥሩ ሐሳቡ በአማርኛ ይጻፋል። ለምሳሌ «ኢት ኢዝ ዲፊከልት ቱ ኤስ… ኢኮኖሚክ ግሮውዝ ፎር ዲኬድስ» ካሉ በኋላ ከታች «የኢኮኖሚ ዕድገትን ለአሥርት ዓመታት ሳያቋርጡ ማስቀጠል ከባድ ነው» ይላሉ። መልሱን በሐሳብ ብቻ አይመልሱ፤ በእጅዎ ይጻፉት ወይም ይተይቡት፤ በማዳመጥ ክፍል መልስ ላይም ሆነ በጽሑፍ ላይ የፊደል ስህተት ነጥብ ያስቀንሳል። የድምፅ ቅጂውንም በጀርባው ያኑሩ፤ በዓይን ብቻ የሚያውቁት ቃል ሲነገር ሰምተው ላይለዩት ይችላሉ።

አሁን ወደ ክለሳው ልምጣ፤ «በየቀኑ ሁሉንም እከልሳለሁ» ያሉት ትጋትዎን ቢያሳይም እንዲተዉት የምፈልገው እሱን ነው። ጀርመናዊው ሄርማን ኤቢንግሃውስ በ1885 ባሳተሙት ጥናት መርሳት በመጀመሪያዎቹ ሰዓታትና ቀናት ፈጣን እንደሆነ፣ ከዚያ በኋላ ግን እየቀዘቀዘ እንደሚሄድ አሳይተዋል። በየቦታው በመቶኛ የታጀበው የመርሳት ግራፍ ምንጩ ይህ ነው። ሆኖም የጥናቱ ተሳታፊ እሳቸው ራሳቸው ብቻ ነበሩ፤ የያዟቸውም ትርጉም የሌላቸው የሆሄያት ቅንጅቶች ነበሩ። ስለዚህ አቅጣጫውን እንጂ ቁጥሮቹን ለእርስዎ ዓረፍተ ነገሮች እንደ ሕግ አይውሰዷቸው። ከአቅጣጫው የሚገኘው ትምህርት ይህ ነው፦ ቃሉ ሊረሳ ጥቂት ሲቀረው በጥረት የሚያስታውሱት ጊዜ፣ ገና ትኩስ ሳለ በቀላሉ ከሚመልሱት ብዙ ጊዜ ይበልጣል። በየቀኑ ሲያዩት ያንን ጥረት ራስዎን እየነፈጉት ነው።

ለ12 ሳምንት የሚበጀው ክፍተት እኔ የምሰጠው ይህ ነው። አዲስ ካርድ በማግስቱ፣ ከዚያ ከ3 ቀን በኋላ፣ ከዚያ ከ7፣ ከ16፣ ከ35 ቀን በኋላ ይከለሳል። ሲደመር 62 ቀን ነው፤ የእርስዎ 12 ሳምንት 84 ቀን ስለሆነ ቀድመው የገቡት ቃላት አምስቱንም ክለሳ ጨርሰው ፈተናው ይደርሳል። የመጀመሪያዎቹ አራት ክለሳዎች ብቻ 27 ቀን ይወስዳሉ። ስለዚህ ፈተናው 4 ሳምንት ሲቀረው አዲስ ቃል መጨመር ያቁሙ፤ ከዚያ በኋላ የሚገባ ካርድ አራተኛውን ክለሳ ሳያይ ፈተናው ይደርሳል። ስልክዎ ላይ ያለው መተግበሪያ እንደ አንኪ ያለ ከሆነ ክፍተቶቹን በራሱ ያሰላል፤ ቁጥሮቹ ከነዚህ ትንሽ ቢለዩ አይጨነቁ። ካርድዎ የወረቀት ከሆነም ሴባስቲያን ላይትነር በ1970ዎቹ ባስተዋወቁት ዘዴ አምስት ክፍል ያለው ሣጥን ይበቃል፤ የተመለሰ ካርድ ወደ ቀጣዩ ክፍል ያልፋል፣ የተሳተ ወደ መጀመሪያው ይመለሳል።

ጭነቱን እናስላው። በቀን ስድስት ቃል፣ ከሁለቱ ተጨማሪ ካርዶች ጋር፣ 8 ካርድ ነው። አንድ ወር ሲያልፍ በአንድ ቀን ውስጥ የትናንቱ፣ የ4 ቀኑ፣ የ11 ቀኑና የ27 ቀኑ ስምንት ስምንት ካርዶች ይገናኛሉ፤ 32 ይሆናሉ። የተሳቱት ሲጨመሩ ወደ 40 ይደርሳል። ይህ ዓረፍተ ነገሩን በትክክል እያነበቡ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ የሚወስድ ሥራ ነው። ስምንት ሳምንት ሲሞላ 336 ቃላት ይኖርዎታል። ከ900 ጋር ሲተያይ ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን እነዚህ ንባብ ላይ የማይጠፉ ናቸው። በቀን 20 አዲስ ቃል ቢያደርጉት ከወር በኋላ ክለሳው ከመቶ ካርድ በላይ ይሆንና ወይ ያቆሙታል ወይ ዓረፍተ ነገሩን ሳያነቡ እያሳለፉ ይጨርሱታል፤ ሁለተኛው ደግሞ ከመጀመሪያው ይከፋል፤ የተማሩ እየመሰለዎት ይቀጥላሉና።

የሚበላሽባቸው ሁለት ቦታዎች አሉ። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገሩን ሳይሆን መልኩን መልመድ ነው። አንዲት ተማሪዬ ካርዶቿን ሁሉ ያለ ስህተት ትመልስ ነበር፤ የድልድዩን ዓረፍተ ነገር የመሰለ ካርድ ላይ «ዘ ብሪጅ» የሚለውን ብቻ አሳይቼ ቀሪውን ብሸፍንባትም መልሱን አፍታ ሳትቆይ ነገረችኝ። ድልድይ የሚል ያለበት ካርድ አንድ ብቻ ስለነበር ሰስቴይንን ማንበብ አላስፈለጋትም። «ዘ ካምፓኒ ሰስቴይንድ ሄቪ ሎስስ» ብዬ ስሰጣት ግን ቆመች። በራስዎ ላይ ምልክቱ ዓረፍተ ነገሩን አንብበው ሳይጨርሱ መልሱ አፍዎ ላይ መድረሱ ነው። መድኃኒቱ ሦስተኛውን ክለሳ ሲያልፍ የካርዱን ዓረፍተ ነገር ለዚያው ፍቺ በሚሆን በሌላ መተካት ነው። ከድልድይ ወደ ኩባንያ፣ ከኩባንያ ወደ እግር ኳስ ተጫዋች ሲሄድ ቃሉ ከአንዱ ታሪክ ተላቆ የራሱ ይሆናል። ይህች ትንሽ ሥራ ከሌላው ሁሉ ይልቅ ንባብ ላይ የምትታይ ናት፤ የሚዘልሏት ሰዎች ብዛት ሁልጊዜ ያሳዝነኛል።

ሁለተኛው ደጋግሞ የሚወድቅ ካርድ ነው። አንድ ካርድ አራት ጊዜ ከተሳተ አምስተኛ ጊዜ አይደጋግሙት፤ ችግሩ ካርዱ ላይ ነው። ብዙውን ጊዜ ሰበቡ ከሌላ ቃል ጋር መምታታት ነው። አዳፕት እና አዶፕት በመልክ ይምታታሉ፤ አንዱ ራስን ከሁኔታ ጋር ማስማማት፣ ሌላው አንድን አሠራር ወይም ልጅ የራስ አድርጎ መያዝ ነው። ሚቲጌት እና አሊቪየት ደግሞ በትርጉም ይቀራረባሉ። ዝርዝሮች እንዲህ ያሉትን ተመሳሳዮች በአንድ ገጽ ሰብስበው ይሰጣሉ፤ ሲታይ ሥርዓት ያለው ይመስላል፤ በጥናትም ሆነ በክፍል ውስጥ የታየው ግን ተቀራራቢ አዲስ ቃላት በአንድ ቀን ሲያዙ አንዱ ሌላውን እንደሚያደናቅፈው ነው። ስለዚህ ከሁለቱ አንዱን ከክለሳ ያውጡት፤ የቀረው ሦስተኛውን ክለሳ እስኪያልፍ ይጠብቁና ሌላውን በጣም በተለየ ዓረፍተ ነገር ይመልሱት። ሚቲጌትን ለምሳሌ የአየር ንብረት ለውጥ ጉዳትን ከማቃለል ጋር፣ አሊቪየትን ሕመምን ወይም ድህነትን ከማስታገስ ጋር አድርገው ቢይዟቸው እያንዳንዱ የራሱ ቤት ይኖረዋል።

ለጽሑፍ የሚሆነው ነገር ከካርድ አልፎ መሄድ አለበት። በአይኤልትስ የጽሑፍም ሆነ የንግግር ክፍል የቃላት አጠቃቀም ከአራቱ መመዘኛዎች አንዱ ስለሆነ የክፍሉን ውጤት ሩብ ይይዛል። መዛኙ የሚመለከተው ስንት ከባድ ቃል እንደተደረደረ አይደለም፤ የተመረጠው ቃል ልክና ከጎረቤቶቹ ጋር የሚስማማ መሆኑን ነው። በመሆኑም በሳምንት አንድ ጊዜ ሁለተኛውን የጽሑፍ ጥያቄ ወስደው 250 ቃላት ሲጽፉ ከካርዶችዎ ሦስት ቃል ብቻ ያስገቡ። ከመጻፍዎ በፊት ለእያንዳንዱ መዝገበ ቃላቱ ውስጥ ያሉትን ምሳሌዎች አንብበው ከኋላው የሚከተሉትን ስሞች ይመልከቱ፤ የእርስዎ ስም ከእነዚያ ዘመድ ካልሆነ ቃሉን ይተዉት። የእርስዎን ዓረፍተ ነገር በዚህ መንገድ ብናየው፣ ከሰስቴይን በኋላ ዕድገትን፣ ጥረትን፣ ፍላጎትን እናገኛለን፤ መንግሥት የሚረዳቸው ድሆችን አናገኝም። ማለት የፈለጉት መርዳትን ከሆነ «ጋቨርንመንትስ ሹድ ሰፖርት ሎው ኢንካም ፋሚሊስ» ይበቃል። ሰስቴይንን መጠቀም ከፈለጉ ደግሞ ሐሳቡን ወደ እሱ ያምጡት፦ መንግሥታት ለድሆች የጀመሩትን ድጋፍ ለዓመታት ሳያቋርጡ ማስቀጠል ይከብዳቸዋል የሚል ሐሳብ ካለዎት «ጋቨርንመንትስ ስትራግል ቱ ሰስቴይን ዚስ ሰፖርት ኦቨር ሜኒ ይርስ» ማለት ይችላሉ። በዚህኛው ሰስቴይን ቦታውን አግኝቷል፤ ሰፖርትም እንደዚያው።

መምህርዎ እያሰመሩ የሚመልሱልዎት ከሆነ ትልቅ ዕድል ነው። «አገባቡ ትክክል አይደለም» ሲሉዎት ቃሉ ራሱ ስህተት ነው ወይስ አብሮት የሄደው ስም ነው ብለው ይጠይቋቸው። መልሳቸው ሁለተኛው ከሆነ የተስተካከለውን ዓረፍተ ነገር ያንኑ ዕለት ባዶ ቦታ ያለው ካርድ አድርገው ያስገቡት። በራስዎ ስህተት ላይ የተሠራ ካርድ ከማንኛውም መጽሐፍ ከተወሰደ ምሳሌ ይልቅ ቶሎ ይያዛል፤ ለምን እንደጻፉት ያስታውሳሉና።

የመጨረሻዎቹ 4 ሳምንታት ክለሳና ልምምድ ብቻ ናቸው። በእነዚህ ሳምንታት የሚያነቧቸው ጽሑፎች ውስጥ ካርድ ያደረጓቸውን ቃላት ሲያገኙ በዳሩ ላይ ምልክት ያድርጉ፤ ቆም ብለው ሳያስቡ ካለፉት አንድ ጭረት፣ ቆመው ካሰቡ ሁለት። ሁለት ጭረት ያገኙት ቃላት ቀናቸው ባይደርስም በማግስቱ ይከለሱ፤ ዓረፍተ ነገራቸውም አሁን ባገኙበት ይተካ። በመጨረሻው ሳምንት ደግሞ የንባብ ካርዶቹን መተግበሪያው ባዘዘው ቀን ብቻ እያዩ፣ ባዶ ቦታ ያላቸውን የጽሑፍ ካርዶች ግን ሁሉንም አንድ ጊዜ በወረቀት ላይ እየጻፉ ያሳልፉ። በቀን ሁለት ስለነበሩ በአጠቃላይ 112 ናቸው፤ በቀን 16 ከጻፉ በሰባት ቀን ያልቃሉ።